ከሰኔ 30 እስከ ጥቅምት 30፦ ቋሚ ሥራ እስኪገኝ

በአዲስ አበባ ቋሚ ሥራ መፈለግ ቀን እየቆጠሩ የሚኖሩበት ነገር ነው። ማስታወቂያው በጋዜጣ፣ በመሥሪያ ቤት በር ላይ ወይም በቴሌግራም ቻናል ይወጣል። ከግርጌው «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚል መስመር አለበት፤ አምስት ቀን ብቻ የሚሰጥም አለ። አመልካቹ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ከማይመለስ ኮፒ ጋር ይዞ በአካል እንዲቀርብ ይጠየቃል። ቀጥሎ ለጽሑፍ ፈተና የተመረጡ ሰዎች ስም ይለጠፋል፤ ፈተናውም ስሙ በተለጠፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሰጣል። ቃለ መጠይቅ ይከተላል፤ ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ ይመጣል። ከምዝገባ እስከ ቅጥር ደብዳቤ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ የቤት ኪራዩ ግን በየወሩ ይጠየቃል።

ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላ ጊዜያዊ ሥራ የሚመረጠው በቀን በሚከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሥራው በእነዚያ ዐሥር ቀናት ውስጥ ግማሽ ቀን ያስወጣል ወይ? የፈተና ጥሪ ሲመጣ በማግስቱ መቅረት ይቻላል ወይ? ሲያልቅ በወረቀት የሚታይ ነገር ይተዋል ወይ? ሁለት ሥራ እኩል ቢከፍልም፣ በነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘን አንዱ ፍለጋውን ያቆየዋል፣ ሌላው ይዘጋዋል።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በሰሊጥ አጨዳ ነው። በመተማ፣ በቋራና በሁመራ ቆላ ሰሊጥ ሲደርስ ቆቡ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ባለሀብቱ ጥቂት ሳምንት ከዘገየ ምርቱን ያጣዋል። በመስከረምና በጥቅምት ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ የሚፈለገው፣ የቀን ክፍያውም የሚያሻቅበው በዚህ ምክንያት ነው። ታጭዶ በነዶ የታሰረው ሰሊጥ እንዲደርቅ ቆሞ በሂላ ይደረደራል፤ ኋላም ተራግፎ ይሰበሰባል። ከደጋ ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች መካከል ተማሪና ተመራቂም አለ። ገንዘቡ ለብዙዎች እውነተኛ ገንዘብ ነው። ይሁንና ስልክ በማይሠራበት ማሳ ወር ተኩል የቆየ ሰው በዚያ ጊዜ የወጣውን ማስታወቂያም ሆነ ስሙ የተለጠፈበትን ፈተና አያገኝም። ወባው አለ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም አለ። ካላዛር ለሳምንታት በማይለቅ ትኩሳት፣ በክብደት መቀነስና በጣፊያ ማበጥ ይታወቃል፤ ምልክቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ሰውየው ወደ አገሩ ከተመለሰ ከወራት በኋላ በመሆኑ፣ የት እንደነበረ ለሐኪሙ ካልተናገረ ሌላ በሽታ መስሎ ሊታለፍ ይችላል። ከ2013 ወዲህ ደግሞ የአካባቢው ጸጥታ ጉዞውን ራሱን አደገኛ አድርጎታል። የትም ያላመለከተና መነሻ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ መዝኖ ሊሄድ ይችላል። ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ጥሪ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሒሳቡ አይወጣም።

የሰኔ መጨረሻ

ለአካውንቲንግ፣ ለማኔጅመንትና ለኢኮኖሚክስ ተመራቂ ከፍለጋው ሳይርቅ የሚሠራው ወቅታዊ ሥራ የሚጀምረው የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ 30 ዙሪያ ነው። የመጀመሪያው የዕቃ ቆጠራ ነው። በሰኔ የመጨረሻ ቀናት ቃሊቲ ወይም መርካቶ ውስጥ ባለ መጋዘን ሁለት ሁለት ሆነው የሚሠሩ ወጣቶች ይታያሉ። አንዱ መሰላል ላይ ሆኖ ካርቶን ይቆጥራል፣ ሌላው ከታች የሚጠራለትን በቆጠራ ቅጽ ላይ ይሞላል። መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ሆን ተብሎ አይነገራቸውም፤ ቢያውቁት ዓይናቸው ወደዚያ ቁጥር ይሳባልና። ሌላ ጥንድ ደግሞ የተወሰነውን እንደገና ይቆጥራል፤ ልዩነት ከተገኘ ሁለቱም ተመልሰው ያዩታል። ከውጭ ሰው የሚቀጠረው ንብረቱን የሚጠብቀው ሰው ራሱ ቆጥሮ ራሱ ማስረከብ ስለሌለበት ነው። ሥራው ከአንድ ሳምንት ብዙም አያልፍም። በቆጠራው ቀን የገባና የወጣ ዕቃ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል የመጨረሻዎቹን የገቢና የወጪ ሰነዶች ቁጥር መዝግቦ መጀመር የሚያውቅ ልጅ ግን ለሚቀጥለው ዓመትም ይጠራል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት እነዚህ ሰነዶች ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ናቸው።

ሁለተኛውና ረጅሙ የግብር ወቅት ነው። አነስተኛ ነጋዴው ለረጅም ዓመታት ሐምሌን ግብሩን የሚከፍልበት ወር አድርጎ ኖሯል። የሒሳብ መዝገብ የሚይዙት ትልልቆቹ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ አራት ወር፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 30 አላቸው። በነዚህ አራት ወራት የሒሳብና የኦዲት ቢሮዎች በደረሰኝ ክምር ይጨናነቃሉ። በፌስታል ታጭቆ የመጣ የግዢ ደረሰኝ በወር መለየት፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውን ዕለታዊ ሪፖርት ከባንክ ገቢ ጋር ማገናኘት፣ ፒችትሪ ላይ ማስገባት አለባቸው። ቢሮው በቋሚነት የሚይዘው ሦስት አራት ሰው ከሆነ ይህን ሁሉ አይችለውም፤ ለወቅቱ ሰው ይፈልጋል። ግን ማስታወቂያ አያወጣም። ባለቤቱ አምና ለሠራው ልጅ ይደውላል፣ ወይም ከሠራተኞቹ አንዱን «ሰው ታውቃለህ?» ይላል።

በዚህ ምክንያት የመጠየቂያው ጊዜ ሐምሌ ሳይሆን ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ነው። በሐምሌ የሚመጣ ሰው ሥራ በበዛበት ሰዓት ማስተማር የሚያስፈልገው እንግዳ ሆኖ ይታያል። በግንቦት የሚመጣ ግን አሠራሩን ለማየት ጊዜ አለው። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ከሚል ማመልከቻ ይልቅ አንድ የተወሰነ ነገር ይዞ መቅረብ ያዋጣል፦ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ እንደሚችል ተናግሮ የአንድ ወር ስቴትመንት ተሰጥቶት እዚያው ሠርቶ ያሳየ ሰው የልምድ ጥያቄውን ግማሹን መልሶታል።

ድርድሩም የሚደረገው በዚሁ ጊዜ፣ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሥራ ፈላጊው ቋሚ ሥራ እያፈላለገ መሆኑን ደብቆ ገብቶ በነሐሴ ውስጥ ሳይናገር መቅረት ሲጀምር ቢሮው ይከፋዋል፤ ጥሩ ምስክርም ያጣል። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለምሳሌ ሐሙስ፣ ለማመልከቻ እንደሚያስፈልገው፣ በምትኩ ቅዳሜን ሙሉ እንደሚሠራ አስቀድሞ ቢናገር ግን ብዙ ቢሮ ይቀበላል። ለቢሮው የሚያስጨንቀው ጥቅምት 30 ላይ ፋይሉ ማለቁ እንጂ ሐሙስ ከሰዓት አይደለም። አንድ ቋሚ ግማሽ ቀን ለዐሥሩ የሥራ ቀናት ምዝገባ ይበቃል፤ በማንኛውም ዐሥር የሥራ ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ሐሙስ አለና። አምስት የሥራ ቀን ለሚሰጠውም ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

የሥራ ውል ወይስ የአገልግሎት ውል

ወቅታዊ ሥራ ሕግ የሌለው ሥራ አይደለም። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅጥር ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻልባቸውንም ሁኔታዎች ይዘረዝራል። በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት የሚደጋገም ሥራና ያልተለመደ የሥራ መደራረብ ከነሱ መካከል ናቸው። የግብር ወቅት ሥራ ሁለቱንም ይመስላል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ውሉ ሲያበቃ ያልተከፈለ ደመወዝ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈላል። ያልተከፈለ ገንዘብ የሚጠየቀው ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ በይርጋ ይታገዳል። በጥቅምት ያልተከፈለውን «ዛሬ ነገ» እየተባለ እስከ ግንቦት የታገሠ ሰው የመጠየቅ መብቱ ያልፍበታል።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን የሥራ ልምድ ማስረጃው ነው። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ በዚሁ አዋጅ ይገደዳል፤ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜም ሆነ ውሉ ሲያበቃ። ወረቀቱ «ለተወሰኑ ወራት አብሮን ሠርቷል» ብሎ ካለፈ ለምዝገባ አይጠቅምም። ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን፣ በምን የሥራ መደብ፣ በስንት ብር የሚለው መኖር አለበት፤ ማኅተምም ያስፈልገዋል። ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያዎች ደግሞ ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይጠይቃሉ። «ግብር ሳይቆረጥ በእጅህ ልስጥህ» የሚል አሠሪ ለሠራተኛው በወር የተወሰነ ብር ያተርፍለት ይሆናል፤ አራት ወር ልምድ ግን ይወስድበታል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ወጣቶች ይህን የሚያውቁት በምዝገባ መስኮት ፊት ቆመው ነው።

ሁሉም ጊዜያዊ ሥራ ግን በዚህ አዋጅ ጥላ ሥር አይወድቅም። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት፣ እንዲሁም ሰው በራሱ የሙያ ኃላፊነት በዋጋ የሚያከናውነው ሥራ ከአዋጁ ውጭ ናቸው። ቤት ለቤት የሚያስጠና ሰው ከወላጅ ጋር ያለው ስምምነት የቃል ነው፤ ጥበቃውም ያን ያህል ነው። ለጥናት ድርጅት መረጃ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈርመው የአገልግሎት ውል ነው። ከክፍያውም የሚቀነሰው የደመወዝ ግብር ሳይሆን ቅድመ ግብር ነው። እዚህ ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት ከሁሉ ይቀድማል፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ አገልግሎት ሲከፈል ቁጥሩን ያላቀረበ ሰው 30 በመቶ እንዲቀነስበት ተደንግጓል።

የርቀት ዋጋ

ማስጠናት ከሥራ ፍለጋ ጋር ጸብ የለውም፤ ከሰዓት በኋላ፣ ከ11 ሰዓት ወዲህ የሚሠራ ነው። ወቅቱ የሚጀምረው ትምህርት ቤት በሚከፈትበት በመስከረም ቢመስልም፣ ወላጅ ስልክ የሚደውለው የመጀመሪያው የፈተና ውጤት ቤት ሲደርስ፣ ከጥቅምት ወዲያ ነው። ከዚያ እስከ ሰኔ ይቆያል፤ የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ደግሞ ወደ ፈተናው ሲቃረብ ቀን ይጨምራል። ክረምት ላይ ይቋረጣል፤ በዓል ላይም ክፍያው ይሸራረፋል።

ብዙ ጀማሪ አስጠኚ የሚሳሳተው ሰዓቱን ሲቆጥር መንገዱን በመርሳቱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሰዓት ተኩል፣ በወር 18 ሰዓት ማስጠናት ነው እንበል። ሩቅ ያለ ቤት በወር 4,000 ብር ይከፍላል፤ ደርሶ መልስ 100 ደቂቃ ይፈጃል፣ ለታክሲ በቀን 40 ብር ይወጣል። በወር 12 ቀን ሲመላለስ 20 ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል፣ 480 ብር ይወጣል። ለ38 ሰዓት የሚቀረው 3,520 ብር ስለሆነ በሰዓት 93 ብር ገደማ ነው። በሰፈር ያለው ቤት 3,000 ብር ብቻ ይከፍላል፤ በእግር ደርሶ መልስ 20 ደቂቃ ነው። 3,000 ብር ለ22 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 136 ብር ይሆናል። ትንሽ የሚከፍለው ቤት ይበልጣል፤ የተረፈው 16 ሰዓትም ለጽሑፍ ፈተና ማጥኛ ይሆናል።

መረጃ መሰብሰብ የተለየ ጠባይ አለው። የጥናት ድርጅቶችና የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የመሳሰሉ ተቋማት ለናሙና ጥናት ጊዜያዊ ሰው ይቀጥራሉ። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ሥልጠና ይሰጣል፤ በመጨረሻው ፈተና አለ። ከሚያስፈልገው ትንሽ በዛ ያለ ሰው ስለሚሠለጥን ሠልጥኖ የሚቀርም አለ። መስክ የወጣው ታብሌት ይዞ በተመደበለት ቀበሌ ቤት ለቤት ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው ከተጠየቁት ቤቶች ጥቂቱን መልሶ ይጠይቃል፤ መልሱ ካልተገጣጠመ ሥራው ይደገማል ወይም ውሉ ይቋረጣል። የአካባቢውን ቋንቋ መቻል ከነጥብ ይልቅ ይፈለጋል። ክፍያው በውሎ አበል መልክ ስለሚነገር ትልቅ ይመስላል፤ ምግብና ማደሪያው ግን ከውስጡ ነው። ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ የሚለቀቀው መረጃው ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ከመስክ በፊት ቢያንስ የተወሰነው ቅድሚያ ይከፈል እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አንድ ሒሳብ ተዘርግቶ

ከእህቷ ጋር የምትኖር አንዲት የአካውንቲንግ ተመራቂ ትታሰብ። የመውጫ ፈተናውን አልፋለች። የኪራይ ድርሻዋ፣ ምግቧ፣ ትራንስፖርቷና ስልኳ ተደምሮ በወር 9,000 ብር ያስፈልጋታል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው።

በሰኔ መጨረሻ ስድስት ቀን በ600 ብር ቆጠራ ሠርታ 3,600 ብር ታገኛለች። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በ8,000 ብር ደመወዝ የሒሳብ ቢሮ ትገባለች። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከላይ ያለው በየእርከኑ ተሰልቶ ግብሩ 1,150 ብር ይመጣል። 7 በመቶ ጡረታ 560 ብር ነው። እጇ የሚገባው 6,290 ብር ነው። በአራቱ ወራት 25,160 ብር ማለት ነው። በጥቅምት በሰፈሯ አንድ ልጅ ማስጠናት ስትጀምር 3,000 ብር ይጨመራል። ድምሩ 31,760 ብር፣ ወጪዋ 36,000 ብር፤ የሚጎድላት 4,240 ብር ነው።

ጉድለቱ ግን በአራቱ ወር እኩል አይከፋፈልም። የመጀመሪያው ደመወዝ የሚደርሰው በሐምሌ መጨረሻ ስለሆነ ሐምሌን የምትኖረው በቆጠራው 3,600 ብር ነው። ከቤተሰብ መበደር ካስፈለገ የሚያስፈልገው በሐምሌ ነው፤ አስቀድሞ ቀኑና መጠኑ ታውቆ ቢጠየቅ አበዳሪውም ይቀለዋል። ጊዜያዊ ሥራ አለኝ ብሎ የመጀመሪያውን ወር ያላሰበ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሥራውን ጥሎ የቀን ክፍያ ወዳለበት ይሄዳል።

ኅዳር ላይ የግብሩ ወቅት ያልቃል። በዚህ ጊዜ ሁለት ልጅ እያስጠናች በወር 6,000 ብር እያገኘች ነው እንበል። ከከተማ ውጭ የ18 ቀን የመረጃ ስብሰባ በቀን 1,200 ብር፣ ከፊቱ አምስት ቀን ሥልጠና በ500 ብር ይመጣላታል። ድምሩ 24,100 ብር ነው። ለመስክ ምግብና አልጋ በቀን 450 ብር፣ 8,100 ብር ሲወጣ ከቅድመ ግብር በፊት 16,000 ብር ይቀራል። የኅዳር የማስጠናት ገቢዋ ግን ይቀርባታል፤ ወላጅ ለአንድ ወር ክፍት አድርጎ አይጠብቅምና። ስለዚህ እውነተኛው ጭማሪ 10,000 ብር ነው፤ እሱም የሚደርሳት ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ነው። በጥቅምት የተመዘገበችበት ባንክ በኅዳር ፈተና ቢጠራ ደግሞ ያመልጣታል። የመስኩን ሥራ መተው አለባት ማለት አይደለም፤ ምንም ጥሪ የማትጠብቅ ከሆነ መሄዱ ያዋጣል። በምትኳ የሚያስጠና የክፍል ጓደኛ ለወላጆቹ አስተዋውቃ ከሄደች ስትመለስ ቤቶቹን አታጣም። የማስረጃዎቿን ኮፒ ለእህቷ ትታ ብትሄድም በወኪል ወይም በኢሜይል መመዝገብ የሚፈቅዱት ማስታወቂያዎች አያመልጧትም። ብዙ ማስታወቂያ የምረቃ ዓመትን ስለሚገድብ በተመረቁበት ዓመት ያመለጠ ዙር ከሚቀጥለው ዓመት ዙር ጋር እኩል አይደለም።

በዚህ ፍለጋ ውስጥ የሚያጋጥመው ማታለያ በአንድ ምልክት ይለያል፦ ገንዘቡ ከሥራ ፈላጊው ወደ ቀጣሪው የሚሄድበት ነገር ሁሉ። «መመዝገቢያ»፣ «የሥልጠና መመሪያ»፣ «የዩኒፎርም ማስያዣ» ይባላል። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲን የሚተረጉመው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ብሎ ነው። ሌላው ይበልጥ ጨዋ የሚመስለው «ለልምምድ» እየተባለ ያለ ክፍያ የሚዘልቀው ወር ነው። የልምምድ ጊዜ ቀን ካልተቆረጠለት፣ የሚሠራውም ለደንበኛ የሚሸጥ ሥራ ከሆነ፣ ያ ቅጥር ነው።

ቋሚው ሥራ ሲገኝ ጊዜያዊውን መልቀቅ የራሱ ሥርዓት አለው። ወቅቱ ሳያልቅ የሚወጣ ሰው የጀመረውን ፋይል የት እንዳደረሰ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ያልታረቁትን ደረሰኞች ለይቶ ቢያስረክብ የልምድ ወረቀቱን በዚያው ቀን ለመጠየቅ ፊት ያገኛል። ሄዶ ከወር በኋላ የሚመለስ ግን ባለቤቱን ለማግኘት ይመላለሳል። የማስጠናቱ ሥራ ግን ወዲያው መለቀቅ የለበትም። የአዲሱ ቅጥር የመጀመሪያ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይደርሳል፤ የሙከራው ጊዜም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ሠራተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። በሰፈር ያለው አንድ ቤት፣ ከሥራ መልስ ማታ የሚሠራ በመሆኑ፣ ሙከራው እስኪያልቅ ቢቆይ ይሻላል።